ሰርተፍኬት ወይስ ማስተርስ? ወደ ኃላፊነት ለሚሸጋገር የጥገና መሐንዲስ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉት ፋብሪካዎች አንድ ጎበዝ የጥገና መሐንዲስ ጥቂት ዓመት ሲሠራ ወይ የፈረቃ ኃላፊ ይደረጋል ወይ «ቀጣዩ የጥገና ኃላፊ አንተ ነህ» መባል ይጀምራል። ያኔ ማስተርስ ልጀምር ወይስ የማኔጅመንት ሰርተፍኬት ይበቃኛል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አብዛኛው ሰው መልሱን የሚፈልገው ትምህርት ቤት በማወዳደር ነው፦ የትኛው ይረክሳል፣ የትኛው ይቀርባል፣ የትኛው ቅዳሜና እሁድ ያስተምራል። የቅጥርና የዕድገት ማመልከቻ የሚጣራበት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ግን ነገሩ የሚወሰነው ከዚያ በፊት መሆኑ ይታያል። መነሻው የሚፈለገው የሥራ መደብ ተፈላጊ ችሎታ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው፣ መድረስ የሚፈልጉበትን መደብ ማስታወቂያ ሦስት አራት ያህል መሰብሰብ ነው። የራስን ድርጅት ከሰው ኃይል ክፍል መጠየቅ ይቻላል፤ የሌሎቹን ከጋዜጣና ከማስታወቂያ ሰሌዳ። አብዛኞቹ ላይ እንዲህ ዓይነት መስመር ይገኛል፦ «በመካኒካል፣ በኤሌክትሪካል ወይም በኢንዱስትሪያል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ማስተርስ፣ 8/6 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከዚህ ውስጥ 3 ዓመት በኃላፊነት የሠራ»። ያ እዝባር የሚለው ነገር በመጀመሪያ ዲግሪ 8 ዓመት፣ በማስተርስ 6 ዓመት ነው። እንዲህ ባለው ማስታወቂያ ማስተርስ የሚገዛው ሁለት ዓመት ነው ማለት ነው። የኃላፊነቱን 3 ዓመት ግን አይነካውም፤ ዶክትሬት ቢኖርም ያው ነው።

ይህን ይዘን አንድ ሰው እንውሰድ። መካኒካል መሐንዲስ ነው፣ የ6 ዓመት ልምድ አለው፣ የመጨረሻውን 1 ዓመት በፈረቃ ኃላፊነት ሠርቷል። የሚፈልገው ከላይ ያለውን መደብ ነው። ሥራውን ሳይለቅ የቅዳሜና እሁድ ማስተርስ ቢጀምር፣ ኮርሱና የመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ላይ ሁለት ዓመት ተኩል ቢወስድበት፣ ሲጨርስ የሥራ ልምዱ 8 ዓመት ተኩል ይሆናል። ማስተርሱ ባይኖረውም በመጀመሪያ ዲግሪው 8ቱን ዓመት ከስድስት ወር በፊት ሞልቷል። የኃላፊነት ልምዱም በዚያው ጊዜ ሦስት ዓመት ተኩል ደርሷል። ለዚህ መደብ ማስተርሱ አንድ ቀን አላፈጠነውም።

ያው ሰው 3 ዓመት ልምድ እያለው ቢጀምረው ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ሲጨርስ 5 ዓመት ተኩል ይኖረዋል፣ ስድስት ወር ሲጨምር 6 ይሞላና በማስተርሱ ይወዳደራል። ያለ ማስተርስ 8 እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አተረፈ። 4 ዓመት ተኩል ላይ ቢጀምር የሚያተርፈው 1 ዓመት ነው። 5 ዓመት ተኩል ላይ ቢጀምር ምንም። ደንቡ ቀላል ነው፦ በጀመሩበት ቀን ያለውን ልምድ ከትምህርቱ ጊዜ ጋር ደምሩ፤ ድምሩ 8 ከደረሰ እዝባሩ ላይ ያለው ጥቅም አልቋል።

ሥራ ለቆ በመደበኛ የሚማር ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። 3 ዓመት ሠርቶ ሁለት ዓመት ለትምህርት ቢወጣ፣ ሲመለስ ልምዱ እዚያው 3 ላይ ነው። 6 ለመሙላት ሌላ 3 ዓመት ይቀረዋል፤ በድምሩ 5 ዓመት። ሥራ ላይ የቀረው ጓደኛው ከ3 ተነስቶ 8 የሚሞላው በዚያው በ5 ዓመት ነው፣ ያውም ደመወዙን እየበላ። ደመወዝ ሳይቋረጥ ድርጅቱ ራሱ ልኮ ካላስተማረ በስተቀር ለጥገና ኃላፊነት ሲባል ብቻ ሥራ መልቀቅ አያዋጣም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሚዛኑ ሌላ ነው። የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት፣ የመንገድ ሥራ፣ የከተማ አስተዳደር መሐንዲስ ከሆናችሁ የትምህርት ደረጃ በደረጃ ዕድገት ውድድር ራሱን የቻለ ነጥብ አለው፤ የአጭር ጊዜ ሰርተፍኬት ፋይል ውስጥ ይገባል እንጂ ብዙ ጊዜ ከዲግሪ ጋር የሚወዳደር ቦታ አያገኝም። እዚያ ላላችሁ ማስተርስ ይሻላል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ሳልገባ ልለፈው። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለፋብሪካ ሰው ነው።

ከላይ ያለው መሐንዲስ ማስተርሱን ይተወው ማለት ግን አይደለም። ጥያቄው ዛሬ የሚጎድለው ምንድን ነው የሚለው ነው። በቴክኒክ ጎበዝ የሆነ ሰው ኃላፊ ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት የሚደናቀፍባቸው ነገሮች ይታወቃሉ፦ ገንዘብ፣ ሰው፣ የጊዜ ሰሌዳ። ሁለቱ ወረቀቶች እነዚህን እኩል አያስተምሩም።

ገንዘቡን እንይ። የጥገና ኃላፊው ለአንድ ማሽን መጠባበቂያ መለዋወጫ እንዲገዛለት ፋይናንስን ይጠይቃል። ማሽኑ በሰዓት 500 ምርት ያመርታል፣ አንዱ ምርት 40 ብር ይሸጣል እንበል። መለዋወጫው ስላልነበረ ማሽኑ 6 ሰዓት ቆመ። መሐንዲሱ 500 በ40 በ6 ያባዛና «120,000 ብር ከሰርን» ብሎ ይጽፋል። የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን ይመልሰዋል። የሚመልሰው ስለሚጠላው አይደለም፤ ከ40ው ብር ውስጥ 28ቱ ጥሬ ዕቃና ማሸጊያ ከሆነ፣ ማሽኑ ሲቆም ጥሬ ዕቃውም አልተበላም። የጠፋው በአንዱ 12 ብር፣ በ3,000 ምርት 36,000 ብር ነው። ያውም ምርቱ እሁድ ተሠርቶ መካካስ ካልቻለ ነው። መካካስ ከተቻለ ኪሳራው የእሁዱ ትርፍ ሰዓት ክፍያና ከእሱ ጋር የሚሄደው መብራት ብቻ ይሆናል። ይህን ለይቶ የሚጽፍ ኃላፊ መለዋወጫው ይገዛለታል፤ የማይለይ በየዓመቱ «በጀት አይሰጡንም» እያለ ይኖራል። ይህ ነገር ኤምቢኤ ውስጥ በማኔጅመንት አካውንቲንግ ኮርስ በደንብ ይሠራል። የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፍኬት የሚያስተምረው የፕሮጀክት ወጪን መገመትና መቆጣጠር ነው እንጂ የፋብሪካን የምርት ወጪ አይደለም።

ሰውን በተመለከተ ሁለቱም ስለ ቡድን፣ ስለ ግጭት አፈታት፣ ስለ ማነሳሳት ያስተምራሉ። ነገር ግን የጥገና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ በየሳምንቱ የሚመጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሌሊት ኮምፕረሰር ተበላሽቶ ሦስት ቴክኒሻን ሲጠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 እንደሚባዛ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 እንደሆነ ማወቅ አለበት። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ እንደሌለበትም እንዲሁ። የሰዓት ደመወዛቸው 60 ብር የሆነ ሦስት ሰዎች ሌሊት 4 ሰዓት ቢሠሩ 1,260 ብር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በሳምንት ሦስት ሌሊት ተመሳሳይ ሰዎችን እንዲህ የሚጠራ ኃላፊ 12ቱን ሰዓት ጨርሷል፣ አራተኛውን ሌሊት ማንን እንደሚጠራ አላሰበም። ለዚህ ማስተርስም ሆነ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት አያስፈልግም። አዋጁን ራሱን መግዛትና ከሰው ኃይል ባለሙያው ጋር ሁለት ከሰዓት ተቀምጦ ማንበብ ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ርካሽ ነገር ዘሎ ውዱን ይጀምራል።

የጊዜ ሰሌዳውና ሥራ ማስተባበሩ ላይ ግን ሰርተፍኬቱ ይበልጣል። ዓመታዊ ኦቨርሆል፣ አዲስ ቦይለር ተከላ፣ የማምረቻ መስመር ማዛወር የጥገና ክፍል የሚመዘንባቸው ሥራዎች ናቸው። ሥራውን ከፋፍሎ መዘርዘር፣ የትኛው ሥራ ቢዘገይ ሁሉን እንደሚያዘገይ መለየት፣ አቅራቢን በውል መያዝ፣ ስጋትን አስቀድሞ መመዝገብ በጥቂት ወር የሚለመዱና በነጋታው ሥራ ላይ የሚውሉ ናቸው።

በሰዓት ስንለካው ልዩነቱ ይገባል። የማስተርስ አንድ ክሬዲት አወር በመደበኛ አቆጣጠር 16 የክፍል ሰዓት ነው፤ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ 48 ሰዓት ይሆናል። አሥር ኮርስ ቢወሰድ 480 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ከዚያ በላይ ንባብ፣ ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፍ። በዓለም ላይ በጣም የሚታወቀው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፍኬት፣ ፒኤምፒ፣ የሚጠይቀው ሥልጠና 35 ሰዓት ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው በሳምንት 10 ሰዓት ቢመድብ ከአራት እስከ አምስት ወር ተዘጋጅቶ መፈተን ይችላል።

ፒኤምፒን ከመረጣችሁ የሚከብደው ፈተናው አይደለም፣ ማመልከቻው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይፈለጋል። የጥገና ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ የዕለት ተዕለት ጥገና ፕሮጀክት አይደለምና። ግሪስ መቀባት፣ ቤሪንግ መለወጥ፣ ፈረቃ ማሰማራት አይቆጠርም። የሚቆጠረው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ነው፦ የቦይለሩ ተከላ 7 ወር፣ የፓኔል ቦርድ ቅያሬ 4 ወር፣ የውሃ ማጣሪያ ግንባታ 9 ወር። ሁለት ፕሮጀክት በአንድ ወር ውስጥ ጎን ለጎን ቢሄዱ ወሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ ከማመልከት በፊት አንድ ወረቀት ላይ ወራቱን አስምራችሁ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የያዘውን ቀለም ቀቡ፤ ከዚያ የተቀቡትን ወራት ብቻ ቁጠሩ። ብዙ ሰው 50 ወር አለኝ ብሎ ሲቆጥር 28 ሆኖ ያገኘዋል። ያልሞላለት ሰው ካፕም የሚባለውን፣ የፕሮጀክት ልምድ የማይጠይቀውንና 23 ሰዓት ሥልጠና የሚበቃውን ዝቅተኛ ሰርተፍኬት መያዝ ይችላል፤ ግን ለኃላፊነት ውድድር ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ወሩ እስኪሞላ መጠበቁን እኔ እመርጣለሁ።

ከማመልከቻዎቹ አንዳንዶቹ ለማጣራት ይመረጣሉ። ያኔ እያንዳንዱን ፕሮጀክት የሚያውቅ አለቃ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። የቀድሞው አለቃ ሥራ ለቆ አገር ቀይሮ ከሆነ ችግር ነው። ማመልከቻውን ከመላክ በፊት ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ማን እንደሚያረጋግጥ ጠይቃችሁ ያዙ።

ሁለተኛው መሰናክል ስም ነው። የፈተናው ምዝገባ ላይ ያለው ስም ፈተና ቀን ከሚቀርበው መታወቂያ ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። በዲግሪው ላይ Hailu፣ በፓስፖርቱ ላይ Haylu ከሆነ፣ አያትም በአንዱ ገብቶ በሌላው ከቀረ፣ በሩ ላይ መመለስ አለ። መመዝገቢያው First Name እና Last Name ሲል ፓስፖርቱ ላይ በየትኛው መስመር ምን እንደተጻፈ አይታችሁ እሱኑ እንዳለ ገልብጡ።

ሦስተኛው ክፍያው ነው፤ በዶላር ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠር። ባንካችሁ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይሰጥ እንደሆነ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ጨርሱ። ማመልከቻው አንዴ ከፀደቀ ለመፈተን ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ በዚያ ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር ይቻላል። ፈተናው 180 ጥያቄ፣ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከቤት በኢንተርኔት መፈተን ይፈቀዳል፣ ግን መስመሩ መሃል ላይ ቢቋረጥ ጣጣው ብዙ ነው። ኢንተርኔቱ በማይታመንበት ወቅት ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ማደርና በፈተና ማዕከል መቀመጥ ይሻላል። በዋዜማው ውረዱ፤ መንገዱ በጠዋት ላይ አይታመንም። ሰርተፍኬቱ በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ እየተሰበሰበ ይታደሳል፣ አለዚያ ይጠፋል። ማስተርስ እንዲህ ያለ ዕዳ የለበትም።

ወደ ማስተርሱ ስንመለስ፣ የትኛው ማስተርስ የሚለው ከየት ከሚለው ይቀድማል። ኤምቢኤ ለሥራ አስኪያጅነት ሰፊ በር ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያው «በመካኒካል፣ በኤሌክትሪካል ወይም በኢንዱስትሪያል ምህንድስና ማስተርስ» ካለ ኤምቢኤው እዝባሩ ላይ ላይቆጠር ይችላል። እጩው ማመልከቻውን በ6 ዓመት ያስገባና መስኩ ተዛማጅ አይደለም ተብሎ በመጀመሪያ ዲግሪው 8 ይጠየቃል። የቴክኒክ ኃላፊነት የሚፈልግ ሰው ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ወይም የምህንድስና ማኔጅመንት ቢመርጥ በሁለቱም በር ይገባል። ከጥገና ወጥቶ ኦፕሬሽን ወይም ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ መሆን የሚፈልግ ኤምቢኤ ይሻለዋል። የመምረጫው መሣሪያ ያው መጀመሪያ የሰበሰባችሁት ማስታወቂያ ነው።

ከዚያ ቦታው ይመጣል። ለደብረ ብርሃን ሰው በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የከተማው ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ በየሳምንቱ ተመላልሶ መማር የሚያስቡ ሰዎች ትራንስፖርቱን ይቆጥሩና ድካሙን ይረሳሉ፤ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ሴሚስተር 16 ቅዳሜና እሁድ፣ የፋብሪካው ፈረቃ ሳይነካ። ለጥገና ሰው ደግሞ እሁድ ማለት ማሽን የሚቆምበት፣ ትልልቁ ሥራ የሚሠራበት ቀን ነው። ይህን ከአለቃ ጋር ሳይነጋገሩ መጀመር በሁለተኛው ወር መቅረት ያስከትላል።

የግል ኮሌጅ ቅርንጫፍ ከሆነ የዕውቅና ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም፤ ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለማስተማሪያው ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ለኤምቢኤ በመደበኛ የተፈቀደለት ተቋም፣ እዚህ ቅርንጫፉ ላይ በርቀት ለማስተማር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ምዝገባ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ስታዩ ሦስቱን ነገር ፈልጉ፣ የሚያበቃበትንም ቀን። ማንኛውም ማስተርስ ለመጀመር አሁን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ስላለ እሱንም በዕቅዱ ውስጥ አስገቡት፤ ከተመረቁ ቆየት ላሉ ሰዎች ሒሳቡንና የቋንቋ ክፍሉን ለማደስ ሁለት ወር ያስፈልጋል።

ማስተርስ የሚዘገየው ኮርስ ላይ ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ነው። ኮርሱን በጊዜ ጨርሶ ጽሑፉ አንድ ዓመት የሚጎተትበት ሰው ብዙ ነው፣ ከላይ የሠራነው የሁለት ዓመት ተኩል ሒሳብም ያኔ ይፈርሳል። ምክንያቱ አንድ ነው፦ መረጃው በእጁ የሌለ ርዕስ መርጧል። የጥገና ሰው ግን በእጁ ያለ መረጃ አለው፤ የማሽን መቆሚያ መዝገብ። ርዕሱን «የመከላከል ጥገና በማሽን መቆም ላይ ያለው ውጤት» ዓይነት አድርጎ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ መዝገቡን በንጽሕና ቢይዝ፣ ፕሮፖዛል ሲጠየቅ የ12 ወር መረጃ ይኖረዋል። ድርጅቱ መረጃው እንዲወጣ በጽሑፍ እንዲፈቅድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ጽሑፉን የሚከላከልበት ቀን ሲደርስ «የድርጅት ምስጢር ነው» የሚባልበት ጊዜ አለ።

ያን የ6 ዓመት መሐንዲስ ብመክር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር አዋጁንና የድርጅቱን የበጀት ቅጽ። ከዚያ ወራቱን ቆጥሮ 36 ከሞላለት ፒኤምፒ፤ ካልሞላለት ቀጣዩን ኦቨርሆል በራሱ ስም እንዲመራ በደብዳቤ እንዲመደብ መጠየቅ። ደብዳቤው ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፣ ለፕሮጀክት ወሩም ለኃላፊነቱ 3 ዓመትም፤ በቃል «አንተ ምራው» የተባለ ሥራ ፋይል ውስጥ የለም። የጥገና ኃላፊነቱን ይዞ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ፣ ዓይኑ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅነት ላይ ከሆነ፣ ኤምቢኤውን ያኔ ይጀምር። 3 ዓመት ልምድ ያላት ታናሽ ባልደረባው ግን ተቃራኒውን ታድርግ፦ ማስተርሱን ዛሬ፣ ሰርተፍኬቱን በኋላ።

ድርጅቱ ከከፈለ ውሉን ከመፈረም በፊት አንብቡት። ለተማሩበት ጊዜ ተመጣጣኝ ወይም እጥፍ ዓመት የማገልገል ግዴታ ይገባበታል፣ ዋስም ይጠራል። መታየት ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ ግዴታው የሚጀምረው ኮርስ ሲያልቅ ነው ወይስ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲፀድቅ፤ በመሃል ቢለቁ የሚመለሰው ሙሉው ገንዘብ ነው ወይስ ካገለገሉት ጊዜ ጋር እየተቀነሰ፤ ድርጅቱ ራሱ ቢያሰናብት ዕዳው ይቀራል ወይ። «እየተቀነሰ» የሚለው ቃል ውሉ ላይ ከሌለ እንዲገባ ጠይቁ። የሰው ኃይል ክፍል ብዙ ጊዜ ያስገባዋል፤ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው የማይኖረው።